የአያቴ ቁልፎች ዘመድ አዝማድ

ደሴ ነው። ክረምት። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አያቴ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ መጣችና ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። የልብስ ቁልፍ መዓት ተንኮሻኮሸ።

«እስኪ ይህን ልቀሚልኝ የኔ እናት። ስፈልግ ቶሎ እንዳገኝ አድርጊልኝ» አለችኝ።

አያቴ ገበያ ላሉ ልብስ ሰፊዎች ቁልፍ ትተክል፣ ጠርዝ ትዘመዝም ነበር። የተረፈ ቁልፍ ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ካለቀ ሸሚዝ፣ ከተቀደደ ካፖርት፣ ከልጅ ሹራብ የተፈታውም እዚያው ነው። ቆጠርኳቸው። 286 ነበሩ።

መጀመሪያ በቀለም ለየሁ። ማንም ልጅ የሚጀምረው በዚያ ይመስለኛል። ነጭ ለብቻ፣ ቡናማ ለብቻ፣ ጥቁር ለብቻ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ሲያልቅም ደስ አለኝ። ማታ አምፖል ስር ሳየው ግን መስኮት ስር ነጭ ያልኳቸው ግማሾቹ ወደ ቢጫ ሄደዋል። ጥቁር ያልኩት ክምር ውስጥ ደግሞ ሦስት ጥቁር ሰማያዊ ተደብቀው ኖረዋል። ቀለም በመብራቱ ይለዋወጣል። በዚያ ላይ የአያቴ ዓይን ደክሟል፣ ሥራዋን የምታበዛው ደግሞ ማታ ነው።

በማግስቱ ሁሉንም አደባልቄ በቀዳዳ ለየሁ። ባለ አራት ቀዳዳ 197፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ 61። ፊታቸው ድፍን ሆኖ ከኋላ ቀለበት ያላቸው 28። ስህተት የለውም፣ አምፖልም አይለውጠውም። ግን ምን ይጠቅማል? ከ197 ውስጥ አንዱን መፈለግ ያው ከቆርቆሮው መፈለግ ነው።

እልህ ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን በቀዳዳም፣ በመጠንም፣ በቀለምም ልለይ ተነሳሁ። ወለሉ በትንንሽ ክምር ሞላ። 43 ክምር! ከግማሽ በላዩ አንድ ወይ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያለበት ነው። የትም የማይገቡትን «ሌላ» ብዬ ጥግ ላይ ሰበሰብኳቸው። ያ ክምር እያደገ ሄዶ ትልቁ ሆነ። ዛሬም ዕቃ ስለይ «ሌላ» የሚለው ክምር ካበጠ አለያየቴ እንዳልሠራ አውቃለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት አንድ ግራጫ የወንድ ሸሚዝ መጣ። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ወልቋል። አያቴ የቀረውን ቁልፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ያዘችው። ቀለሙን አላየችም። ስፋቱን ዳሰሰች፣ ውፍረቱን ጨመቅ አደረገች። በኋላ በማስመሪያዬ ስለካው 11 ሚሊ ሜትር ሆነ።

«ቀለሙን አላየሽውም እኮ እማማ» አልኳት።

«ልኩ ይቅደም። ቀለም ይታረቃል። የሸሚዙ ቀዳዳ የተበጀው ለዚህ ልክ ነው። ከተለቀ አይገባም። ካነሰ ወይም ከሳሳ ደግሞ እጁን ባነሳ ቁጥር ይፈታበታል።»

ልኩ የሆነ ግራጫ ግን አልነበረም። የተገኘው ትንሽ ጠቆር ያለ ነው። እሷ ምንም አልመሰላትም። የሸሚዙን የመጨረሻ ታችኛ ቁልፍ ፈታችና የጎደለው ቦታ ላይ ተከለችው። ጠቆር ያለውን ታች አደረገችው። «ሱሪ ውስጥ ይገባል፣ ማን ያየዋል?» አለች።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። አያቴ ቁልፍ ስትፈልግ «የየትኛው ክምር ነው?» አትልም። «ለዚህ ማን ይቀርበዋል?» ነው የምትለው። የጠፋው ራሱ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ የሚፈለገው ዘመዱ ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ዘመዳሞችን ሳለያይ ከርሜያለሁ።

ክምሩን ሁሉ ተውኩት። ትልቁን የካፖርት ቁልፍ ወለሉ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና ከሁሉም በላይ የሚመስለውን ፈልጌ አጠገቡ አደረግሁ። ከዚያ ለዚያኛው የሚመስለውን። ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ነገር ብቻ ይለያዩ። በመጠን ከተለያዩ ቀለማቸው ይቀራረብ፣ በቀለም ከተለያዩ መጠናቸው አንድ ይሁን።

ወደ ሃያ ቁልፍ እንደደረደርኩ አንዱ ቡናማ ላይ ቆምኩ። ሁለት ዘመድ አለው። አንዱ መጠኑ ያው ሆኖ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ቀለሙ ያው ሆኖ አነስ ያለ። መስመሬ በየት ይሂድ? «ልኩ ይቅደም» ያለችው ትዝ አለኝ። ዋናው መስመር በመጠን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይውረድ፣ የቀለም ዘመዶች ወደ ጎን ይቀጠሉ አልኩ። መሃሉ እንደ ጀርባ አጥንት፣ ጎኖቹ እንደ ጎድን ሆነ። «ሌላ» የሚባል ክምር ጠፋ። ድፍኖቹ ሳይቀሩ በልካቸው ከባለ ቀዳዳዎቹ ጎን ተጠጉ።

አያቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ሳቀች። «ሰባት ቤት ልትቆጥሪላቸው ነው?»

እውነትም ቆጠርኩ። ከካፖርቱ ቁልፍ ተነስቼ የሕፃን ሹራብ ቁልፍ እስክደርስ ዋናው መስመር ላይ ዘጠኝ የመጠን ደረጃ ነበር።

ወለል ላይ መኖር ግን አይችልም። መጀመሪያ እንደ ዶቃ በአንድ ረጅም ክር ሰካኋቸው። ትልቅ ስህተት ነበር። ከመሃል አንድ ለማውጣት ግማሹን ማራገፍ ሊኖርብኝ ነው። ፈትቼ አያቴ የሰጠችኝን የአቡጀዲ ቁራጭ ዘረጋሁ። እያንዳንዱን ቁልፍ በአንድ ስፌት ብቻ ላላ አድርጌ ያዝኩት። ሲፈለግ ክሩን ቆረጥ ማድረግ ነው። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑትን አምስት ስድስት እያደረግሁ በአንድ ክር አሰርኩ፣ እነሱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በየደረጃው መካከል ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተውኩ፣ አዲስ ቁልፍ ሲመጣ የሚገባበት። ይህን ያወቅሁት ግን የመጀመሪያውን ጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጌ ከሞላሁ በኋላ ነው። አንድ አዲስ ቁልፍ መጥቶ ማስገቢያ አጣሁለት፣ እንደገና ሠራሁ።

ሥራው ስምንት ቀን ፈጀ። ጨርቁ ሲጠቀለል ቆርቆሮው ውስጥ በልኩ ገባ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። አያቴ ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ መውረድ ጀመረች። ከካፖርቱ ቁልፍ ተነሳች። ጣቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሻገራል። እኔ ከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ አያታለሁ። መሃል አካባቢ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ ዳሰሰች።

«እዚህ ጋ ዘለለ» አለች። «ከዚህ ወደዚያ ልኩ በአንዴ ወረደ። መሃላቸው አንድ አለ፣ የታል?»

ያ ቦታ ለአንድ የዛጎል ቁልፍ የተተወ ነበር። ከንፈር ላይ ሲያስጠጉት የሚቀዘቅዝ፣ ወደ መስኮት ሲያዞሩት አረንጓዴና ሮዝ የሚል። ከሁሉ አስበልጬ ስለወደድኩት ጨርቁ ላይ አልሰፋሁትም ነበር።

ከኪሴ አወጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። በጨለማ መርፌውን እሷ ያዘች፣ ክሩን እኔ አስገባሁ።