ስድስት መስመር ለድሮ ባልደረባዬ

ባለፈው ሳምንት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ሥራ እያመለከትኩ ነው። ሊንክድኢን ላይ አጭር ምስክርነት ጻፍልኝ፤ ያንን አብረን የሠራነውን የመጋዘን ፕሮጀክት አንሳልኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ስለ ሥራዬ የሚመሰክርልኝ አንድም ሰው አልነበረኝም። ያ ምን ያህል በር እንደሚዘጋ አውቀዋለሁ።

ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ፣ በቡድን መሥራት የምትወድ ናት።» መልሼ ሳነበው ከፋኝ። ውሸት የለውም፤ ግን የእሷን ስም አውጥቶ የሌላ ሰው ስም ቢያስገቡበትም ያው ነው። ሁለታችንም አበሻ መሆናችን ደግሞ ከስማችን ያስታውቃል። አንባቢው «የአገሯ ልጅ ስለሆነ ነው» ቢል አልፈርድበትም። ከዚህ ጥርጣሬ የሚያወጣት በዓይኔ ያየሁት ነገር ብቻ ነው።

እንደገና ጀመርኩ። «ሁለት መጋዘኖችን ወደ አንድ ሲስተም አዛወርን፣ ስህተቱን አገኘን፣ ሥራውን ጨረስን።» ይሄኛው ደግሞ እሷን ጨርሶ አጠፋት። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው «እኛ» ከምንለው ውስጥ የእሷ ድርሻ የቱ እንደሆነ ነው። «ሁሉንም እሷ ሠራችው» ብል ደግሞ ሐሰት ነው፤ ስለ ቡድን ሥራም ምንም አይናገርም። ስለዚህ አንድ ቀን መረጥኩ።

አዲሱ ሲስተም በጀመረ በጥቂት ቀናት የአንድ ዕቃ ቁጥር ከሚገባው በጣም አንሶ ታየ። እኔ መረጃውን ያዛወርኩት ሰው ነኝ። ፋይሌን አየሁት፤ ከድሮው ጋር መስመር በመስመር ይገጥማል። «ችግሩ ከእኔ አይደለም» አልኩ። ጣት ሁሉ ወደ ሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ዞረ። እሷ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ዝርዝሩን አተመችና ፈረቃ ሲቀያየር ጠብቃ መደርደሪያው ጋ ሄደች። ከሌሊት ሠራተኞቹ አንዱን «እስቲ እንዴት እንደምትቆጥሩ አሳየኝ» አለችው። ካርቶን ከፍተው አብረው ቆጠሩ። ውስጡ 24 ፍሬ አለ።

ወደ እኔ መጥታ እንዲህ አለች፦ «ፋይልህም ልክ ነው፣ እነሱም ልክ ናቸው። እነሱ በካርቶን ይቆጥራሉ፣ ሌላው መጋዘን በፍሬ።» 40 ካርቶን በሲስተሙ ላይ 40 ፍሬ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ መሆን የነበረበት 960 ነው። መለኪያውን የሚያሳይ አንድ ዓምድ ጨመርን። እኔ ፋይሉን አስተካከልኩ፤ እሷና የሌሊት ሠራተኞቹ የትኛው ዕቃ በምን እንደሚቆጠር ሞሉ። ስብሰባ ላይ «ማን አገኘው?» ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የጠራችው የዚያን የሌሊት ሠራተኛ ስም ነው። እኔ ብሆን እንደዚያ ማድረግ ትዝ የሚለኝ አይመስለኝም።

የጻፍኩት ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«በመጋዘን ሲስተም ለውጥ ላይ በአንድ ቡድን ሠርተናል፤ እኔ በመረጃ በኩል፣ እሷ በመጋዘን በኩል። የቆጠራ ልዩነት ተፈጥሮ እርስ በርስ ስንወቃቀስ እሷ ሠራተኞቹ ዘንድ ሄዳ አብራቸው ቆጠረች። ችግሩ የመለኪያ ልዩነት መሆኑን ደረሰችበት። መፍትሔውን ከእኔና ከሌሊት ፈረቃ ጋር ሠራች፤ ምስጋናውንም አካፈለች። ሁለት የማይግባቡ ክፍሎች ባሉበት ሥራ እንደገና አብሬያት ብሠራ ደስ ይለኛል።»

የ40ውንና የ960ውን ነገር ተውኩት። የድሮው መሥሪያ ቤት የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ያለ እሱም ታሪኩ ይገባል። ሊንክድኢን በወቅቱ የነበራትን የሥራ ቦታም ያስመርጣል። የአሁኑን ልመርጥ ስል ነቃሁ። እንደዚያ ቢወጣ አብረን ባልሠራንበት ቦታ የመሰከርኩላት ይመስል ነበር።

ምስክርነቱ እሷ ሳትቀበለው ገጿ ላይ አይወጣም። አንብባው ደወለች። «ፕሮጀክቱን መርታለች የሚል ብትጨምርልኝስ?» አለች። ከበደኝ። መሪው ሌላ ሰው ነበር። «እህቴ፣ ቀጣሪው ደውሎ ቢጠይቀኝ መሪዋ እሷ ነበረች ማለት አልችልም። ግን የቀንና የሌሊት ፈረቃውን ያገናኘሽው አንቺ ነሽ። እሱን በደንብ ልጻፈው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እሱ ይሻላል፤ ቢጠይቁኝም የማወራው እሱን ነው» አለች።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ጨምሬ መልሼ ላክሁላት። ማታውኑ ተቀበለችው። ከሥሩ አጭር መልእክት መጣልኝ፦ «ያቺን ካርቶን እስካሁን ታስታውሳታለህ?»