ከላላ ሲባዛ በ6 ላሊበላ፦ ስለ መሪ ፊደልና በእጅ ስለሚያዘው ቁጥር

ፊደል በአሃዝ የሚተካበትን እንቆቅልሽ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚለምዳት ደንብ አለች፦ የድምሩ መሪ ፊደል 1 ነው። ደንቧ የምትለመደው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዱድኒ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ስትራንድ በተባለው መጽሔት ላይ ካወጣው SEND + MORE = MONEY ነው። እዚያ M በእርግጥም 1 ነው፤ መልሱም 9567 + 1085 = 10652። ግን 1 የሆነው መሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የተደመሩት ሁለት ቁጥሮች ስለሆኑ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት 9ኞች 18 ይሆናሉ፣ ከቀኝ የመጣ 1 ቢጨመር 19፤ ስለዚህ በእጅ የሚያዘው ከ1 አይበልጥም። ተደማሪዎቹ ሦስት ሲሆኑ ግን እስከ 2 ይያዛል፣ ስድስት ሲሆኑ እስከ 5። በአጠቃላይ ከተደማሪዎቹ ብዛት በአንድ ያነሰው ጣሪያው ነው።

ይህን ለማየት የወሎን ስሞች እንጠቀም። ደንቡ የተለመደው ነው፤ አንድ ምልክት አንድ አሃዝ፣ ሁለት ምልክት አንድ አሃዝ አይጋራም፣ በቃል መጀመሪያ ላይ የቆመ ፊደል 0 አይሆንም። «ላ» እና «ሊ» ከአንድ ቤተሰብ ቢሆኑም እዚህ ባዳ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሃዝ አላቸው።

በላ + በላ + በላ = ከላላ

ከአንድ ቤት እንጀምር። ሦስት «ላ» ተደምሮ መጨረሻው ራሱ «ላ» ነው። አንዱን «ላ» ከላይም ከታችም ብናነሣ ሁለት «ላ» በ0 መጨረስ አለበት፤ ስለዚህ «ላ» 0 ወይም 5 ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ 0ን ሳይፈትኑ ይጥሉታል፣ ያለ ምክንያት። በዚህ እንቆቅልሽ «ላ» የትም ቃል አይመራም፣ ስለዚህ 0 መብት አለው፤ የሚወድቀው በስሌት ነው። «ላ» 0 ከሆነ የሚያዝ የለም፣ በአስር ቤት ሦስት «በ» በ0 መጨረስ ይኖርበታል፣ ያ ደግሞ «በ»ን 0 ያደርገዋል። «በ» ግን መሪ ነው። ስለዚህ «ላ» 5 ነው፤ 15፣ 5 ጽፈን 1 እንይዛለን። በአስር ቤት ሦስት «በ» ሲደመር 1 በ5 መጨረስ አለበት፣ ማለትም ሦስት «በ» በ4 ይጨርሳል፤ ይህን የሚያደርግ 8 ብቻ ነው። 24 እና 1፣ 25። «ከ» 2 ሆነ፦ 85 + 85 + 85 = 255።

አሁን «መሪው 1 ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንይ። «ከ»ን 1 ብሎ «ላ» 5 ጋ ሲደርስ ሦስት «በ» 14 እንዲሆን ይፈልጋል፣ 14 ደግሞ ለ3 አይካፈልም። ከዚያ «እንቆቅልሹ መልስ የለውም» ብሎ ይመለሳል። መልስ የለውም ያሰኘ ሥራ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳይረጋገጥ የተጻፈው 1 ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል።

ከላላ × 6 = ላሊበላ

ደቡብ ወሎ ያለው ወረዳ በስድስት ሲባዛ ሰሜን ወሎ ይደርሳል። እዚህ ያው «ላ» ላሊበላን ስለሚመራ 0 ሊሆን አይችልም፤ በመጀመሪያው እንቆቅልሽ የነበረው መብት እዚህ የለም። በአንድ ቤት ስድስት «ላ» በ«ላ» ይጨርሳል፣ ይህ የሚሆነው «ላ» ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ሲሆን ነው። ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ግራውን ማየት ጊዜ ይቆጥባል፦ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በ6 ቢባዛ ከ5994 አያልፍም፣ ስለዚህ መሪው «ላ» ከ5 አይበልጥም። 6 እና 8 ሳይሞከሩ ወደቁ። 2 እና 4 ቀሩ።

«ላ» 4 ይሁን። በአንድ ቤት 24፣ 4 ጽፈን 2 እንይዛለን። በአስር ቤት 24 እና 2፣ 26፤ «በ» 6 ሆኖ 2 ይያዛል። በመቶ ቤት ስድስት «ከ» ሲደመር 2 ከ40 እስከ 49 ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት፤ የሚሆነው «ከ» 7 ሲሆን ብቻ ነው፣ 44። ያ ግን «ሊ»ን 4 ያደርጋል፣ 4 ደግሞ በ«ላ» ተይዟል። ወደቀ። ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነውና፣ የተያዙትን አሃዞች በወረቀቱ ጠርዝ እየሰረዙ መሄድ ይጠቅማል።

«ላ» 2 ይሁን። 12፣ 2 ጽፈን 1 እንይዛለን። በአስር ቤት 13፤ «በ» 3፣ የሚያዘው 1። በመቶ ቤት ስድስት «ከ» ሲደመር 1 በ20ዎቹ ውስጥ መሆን አለበት፣ «ከ» 4፣ 25። «ሊ» 5። 422 × 6 = 2532፣ ሌላ መልስ የለውም።

የራስን እንቆቅልሽ መሥራት ከመፍታት ይከብዳል፣ ስሞቹ ስላማሩ ብቻ አይሠራም። ደሴ + ከሚሴ = ላሊበላ ሰባት ምልክት ብቻ ስላለው ጥሩ ይመስላል። ግን ሁለት ተደማሪ ስለሆነ «ላ» የግድ 1 ነው (እዚህ ደንቧ ትሠራለች)፣ በአንድ ቤት ደግሞ ሁለት «ሴ» ተጋማሽ ቁጥር ይሰጣል፣ በ1 አይጨርስም። በሁለት መስመር ሞተ። ደሴ + ባቲ = ከሚሴ ተቃራኒው ችግር አለበት። «ሴ» ከላይም ከታችም አንድ አንድ ጊዜ ስላለ ይጣፋል፣ «ቲ» 0 ይሆናል፣ «ሴ»ን ግን የሚይዘው የለም፤ 94 + 30 = 124 ይሆናል፣ 95 + 30 = 125ም ይሆናል። በዚያ ላይ «ደ» እና «ባ» በአንድ ቤት ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስላሉ ቢቀያየሩ ምንም አይፈርስም። እንዲህ ያለ ጥንድ የታየበት እንቆቅልሽ መቼም አንድ ብቻ መልስ አይኖረውም።

ሲገለበጥም ፊደል መጠበቅ አለበት። ከላላን «ከለላ» ብሎ የጻፈ ሰው አዲስ ምልክት አስገብቷል፤ የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ያን ጊዜ 65 × 3 = 195ንም 95 × 3 = 285ንም ይቀበላል። «ሐ» እና «ሀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»ም እንዲሁ ናቸው፣ ሐይቅን የሚያስገባ ሰው አንዱን መርጦ ይጽና።

ላሊበላን ይዞ 6ን በሌላ አሃዝ መቀየርም ይቻላል። በ2፣ በ4 እና በ8 «ላ» 0 ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። በ3 እና በ5 «ላ» 5 መሆን አለበት፣ ግን በ5 እንኳ ትልቁ ውጤት 4995 ነው፣ 5ሺህ አይደርስም። በ7 እና በ9 አንድ አንድ መልስ አለ። በ7 ሁለት የ«ከ» አሃዞች እስከ መቶ ቤት ድረስ አብረው ይዘልቃሉ፤ ከሁለቱ አንዱ የሚወድቀው «በ» ቀድሞ ስለያዘው ነው።