ሂሳብን ከመኝታ ቤት ማስወጣት፦ አብረው ለሚነግዱ ባለትዳሮች የልምድ ማካፈያ

ባሕር ዳር በሐይቁ ዳርቻ አሳ ቤት ለምንሠራ ሰዎች የዐቢይ ጾም የዓመቱ ከባድ ገበያ ነው። ከሥጋና ከወተት የተከለከለው፣ አሳ ግን የሚበላው ደንበኛ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ምሽት ድረስ ጉላሹ፣ ጥብሱና ዱለቱ ሲታዘዝ ይውላል። ባለፉት ዓመታት ጾሙ በተፈታ ቁጥር እኔና ባለቤቴ ተኳርፈን እንፈስክ ነበር። ዘንድሮ ግን ሳንኳረፍ ፋሲካን ደረስን፤ ከዚያም በላይ፣ ገበያው በጠነከረበት ሰሞን እንኳ ማታ ማታ እንደ ባልና ሚስት እንጫወት ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላላችሁ ባለትዳር ነጋዴዎች እንዴት እንደደረስንበት ለመጻፍ ወሰንኩ።

የአጀማመራችንን ታሪክ በአጭሩ አልፈዋለሁ። እሱ በማለዳ ከአስጋሪዎች አሳ ይረከባል፣ ወጥ ቤቱንም ይመራል፤ እኔ ደግሞ መስተንግዶውንና ገንዘቡን እይዛለሁ። የሥራ ክፍፍሉ ከመጀመሪያውም ግልጽ ስለነበር ማን ምን ይሥራ በሚል ተጣልተን አናውቅም። ችግራችን ሌላ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን ለዓይን እየተያየን ሳንገናኝ እንውላለን፣ ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ አብሮን የሚገባው የቀኑ ሂሳብ ነው።

አብሮ መሥራት ትዳሩን እየጎዳው መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ጠብ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ የታየው በአስተናጋጆቹ በኩል ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ «ለጋሼ የስድስት ቁጥሩ ጥብስ ዘገየ በይው» ብዬ ልጅቷን እልካለሁ፤ እሱም «ለእትዬ ዘይት አልቋል በያት» ብሎ ይመልሳታል። ሁለት ሰዎች በዚህ ርቀት ላይ ሆነው በመልእክተኛ መነጋገር ሲጀምሩ፣ ያደረ ቅሬታ እንዳለ እርግጠኛ ሁኑ። የእኛን ቅሬታ ወደኋላ ስንከተለው ሁልጊዜ የሚያደርሰን አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ እሱም ማታ አልጋ ላይ የሚዘጋው ሂሳብ ነው።

ብዙ መካሪዎች «ሥራን በር ላይ ጥላችሁ ግቡ» ይላሉ። ይህ ምክር ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ አብሮ ለሚነግድ ሰው ግን አይሠራም ብዬ አምናለሁ። የቤት ኪራዩም ሆነ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያው መሳቢያ ነውና፣ ስለ ሥራ ማውራትን መከልከል ስለ ኑሮ ማውራትን መከልከል ይሆናል። ክልከላውን ሞክረነው ነበር፤ ውጤቱም ዝምታ ብቻ ሆነ። የሚያስፈልገው ወሬውን መከልከል ሳይሆን የራሱ ሰዓትና የራሱ ወንበር እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንዱን ምሽት ከነቁጥሩ ላስረዳ። ጠዋት ለመልስ የሚሆን 1,000 ብር ዝርዝር መሳቢያው ውስጥ ነበር። በትዕዛዝ ወረቀቶቹ መሠረት የቀኑ ሽያጭ 14,350 ብር ሆነ። ከመሳቢያው 2,400 ብር ለአሳ ተከፍሏል፤ 3,150 ብር ደግሞ በቴሌብር በቤቱ ስልክ ገብቷል። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ መገኘት የነበረበት ጥሬ ገንዘብ 9,800 ብር ነው፤ የተቆጠረው ግን 9,160 ብር ሆነ። 640 ብር ጎደለ ማለት ነው።

በቀድሞው ልማዳችን ቢሆን ይህ ቁጥር አብሮን ቤት ይገባ ነበር። እኔ «ለአስጋሪው ስንት ነው የሰጠኸው?» እላለሁ፤ ጥያቄዬ የቁጥር ጥያቄ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የዋለ ሰው ግን ክስ አድርጎ ይሰማዋል። እሱ «አንቺስ መልስ አሳስተሽ ቢሆን?» ይላል። ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረው ስለ 640 ብር መሆኑ ይቀራል፤ ስለ መታመን ይሆናል። በዚያ ምሽት ግን አዲሱን ሥርዓት ጀምረን ስለነበር ጉድለቱን ደብተሩ ላይ ጽፈን፣ ብሩን በፖስታ አሽገን ቆልፈንበት ወደ ቤት ሄድን። ጠዋት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናመሳክር፣ ባለቤቴን የሚያውቁ ደንበኞች የበሉበትን 640 ብር በራሱ የግል ስልክ ልከውለት ተገኘ። ያልተቆጠረው በሌላ መንገድ ስለገባ እንጂ የማንም እጅ ኖሮበት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ክፍያ በቤቱ ስልክ ብቻ እንዲገባ ወሰንን፣ ቁጥሩንም በየጠረጴዛው ላይ ለጠፍን።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሂሳቡ የሚዘጋው እዚያው አሳ ቤቱ ውስጥ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ከወጣ በኋላ፣ ቁልፉ ሳይዞር ነው። እኔ ጥሬ ገንዘቡን እቆጥራለሁ፣ እሱ የትዕዛዝ ወረቀቶቹን ይደምራል፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ድምር ሳንነጋገር እንጽፋለን። ንግግር የሚጀመረው ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ እየቆጠረ ሌላው ሲጠይቅ፣ ቆጣሪው ተመርማሪ ይሆናል። ልዩነቱ ከ200 ብር በታች ከሆነ «ልዩነት» በሚል መስመር ተጽፎ ይታለፋል፣ ወሬም አይነሳበትም። ከዚያ ከበለጠ ለጠዋት ይቆያል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ሂሳቡ ባይዘጋም ተነስተን እንሄዳለን።

200 ብሩን የወሰንነው በግምት አይደለም። በተጨናነቀ ቀን በመልስ ስህተት የሚፈጠረው ልዩነት ከዚያ እንደማይበልጥ አይተን ነው፤ እናንተም የራሳችሁን ገበያ አይታችሁ ወስኑ። ዋናው ጥቅም ግን ያ የልዩነት መስመር በሳምንቱ መጨረሻ ሲነበብ ነው። አንድ ቀን የሚተርፍ፣ ሌላ ቀን የሚጎድል ከሆነ የመልስ ስህተት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቀን የሚጎድል ከሆነ የዚያን ቀን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ እኛ ዘንድ ቅዳሜ የሚጎድለው በዱቤ የሚበሉ ሰዎች ወረቀት ከተከፈሉት ጋር ስለሚቀላቀል ነበር። ያለማቋረጥ የሚጎድልና እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከደብተር በላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ገንዘብ የሚደብቅ ከሆነ ይህ ሥርዓት አያድንም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። እዚያ ላይ ሂሳብ የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ወይም ሁለቱም የሚያከብሩት ሽማግሌ ይግባ።

ለጠዋት ማቆየቱ ነገርን መሸሽ አይደለም። የትዳር ጠብን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን እንደሚያስረዳው፣ በክርክር መካከል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚሰማውን በቅጡ ማመዛዘን ያቅተዋል፤ ሰውነት እስኪበርድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። በእረፍቱ ውስጥ ግን በልብ ክርክሩን መቀጠል ማረፍን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ከአሳ ቤቱ ወደ ቤታችን በዘንባባዎቹ ሥር በእግር ስንሄድ ስለ ሥራ አናወራም። በመንገዱ መጨረሻ የባለቤቴ ድምፅ ይለወጣል፤ ለአስተናጋጆች የሚያዝበት ያ አጭር አነጋገር ይቀርና፣ ስንተጫጭ የነበረው ጨዋታው ይመለሳል።

ሌሊት ትዝ የሚል የሥራ ጉዳይ ቢመጣ ወጥ ቤት በተንጠለጠለ ትንሽ ደብተር ላይ ይጻፋል እንጂ አይነገርም። አንድ ብቻ የማይጻፍ ጉዳይ አለ፤ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው አሳ የሚበላሽ ከሆነ ይነገራል፣ ተነስተንም አብረን እንሄዳለን።

ከሂሳቡ ቀጥሎ ትዳራችንን የለወጠው ለሁለታችንም ደመወዝ መቁረጣችን ነው። ቀደም ሲል ሁለታችንም ከአንዱ መሳቢያ እያወጣን ነበር የምንኖረው። በልደቴ ቀን ያመጣልኝን ነጠላ ሳየው የመጣልኝ ሐሳብ የዋጋው ነበር፤ ገንዘቡን የምቆጥረው እኔ ነኛ። ከጋራ ኪስ የሚወጣ ስጦታ ስጦታነቱ ይጠፋል፤ ወጪ ይሆናል። አሁን በወር መጨረሻ ለሁለታችንም እኩል ገንዘብ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኩል ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ በሠራነው ሰዓት ብናከፋፍለው ኖሮ ትዳሩ ራሱ የሰዓት መቁጠሪያ ይሆን ነበር። በቅርቡ ከራሱ ድርሻ አጠራቅሞ የገዛልኝን ጫማ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባለማወቄም ደስ ይለኛል።

ናፍቆትን በተመለከተ ደግሞ የማምነው ይህን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አብረው የሚውሉ ሰዎች ለመቀራረብ መጀመሪያ መራራቅ ያስፈልጋቸዋል። ሰኞ ከሰዓት ገበያው ቀዝቃዛ ስለሆነ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ፣ ረቡዕ ጠዋት እሱ ይወጣል። ማታ ስንገናኝ ሌላው ያላየው የሚነገር ነገር ይኖረናል። አብረን ስንወጣ ደግሞ የምናውቀው ቦታ ሄደን መብላትን ትተናል፤ ምግብ ቤት ስንገባ ሁለታችንም የሰውን መስተንግዶ ስንገመግም እንውላለንና። በምትኩ በጀልባ ዘጌ ሄደን በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንሄዳለን፣ ወይም ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ዐባይን እናያለን። አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው አዲስና ንቁ ነገር የሠሩ ጥንዶች የተለመደውን ከሠሩት ይልቅ በግንኙነታቸው መርካታቸውን አሳይተዋል። ዘጌም ሲደጋገም ይለመዳልና ለሚቀጥለው ሌላ መንገድ እየፈለግን ነው።

ያልፈታነው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የዘመድ ምግብ ነው። ከእሱም ከእኔም ወገን የሚመጡ ዘመዶች በልተው ሳይከፍሉ ይሄዳሉ፤ ማስከፈልም ነውር ነው። እኔ ለሁለቱም ወገን እኩል የሆነ ወርኃዊ ጣሪያ በደብተሩ ላይ ይውጣ እላለሁ፣ ያለዚያ አንድ ቀን «የአንተ ዘመዶች»፣ «የአንቺ ዘመዶች» መባባላችን አይቀርም። ባለቤቴ ደግሞ የዘመድን ሳህን መቁጠር በረከትን ያሳጣል ይላል፤ ሐሳቡን አከብራለሁ፣ ግን አልተስማማሁም። ለጊዜው ሳንቆጥር የጋራ «የእንግዳ» መስመር ከፍተን፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ሳይጻፍ ወጪውን ብቻ እየመዘገብን ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ጉዳይ ዘመድም ሳይቀየም፣ ባልና ሚስትም ሳይቀያየሙ መልክ ያስያዘ ካለ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ከነዝርዝሩ ብትጽፉልኝ እወዳለሁ።