ባለ አምስት ወይስ ባለ ሰባት? የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ ላይ የተሳሳትኩት

የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ ሳዘጋጅ ባለ ሰባት ደረጃ መለኪያ መረጥኩ። ዛሬ ቢሆን ያለ ምንም ማመንታት ባለ አምስቱን እይዛለሁ። ጥያቄ መጻፉ፣ ማስፈቀዱ፣ ማባዛቱና መሰብሰቡ እንደማንኛውም የቢሮ ሥራ አለቀ። ያበላሸኝ የመልስ አማራጮቹ ስያሜ ነው።

የዚህ መለኪያ ፈጣሪ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬንሲስ ሊከርት፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው የተጠቀመው አምስት አማራጭ ነበር። በኋላ የመጡ የምርምር ዘዴ መማሪያዎች ግን ሰባት ደረጃ ጥቃቅን ልዩነትን እንደሚይዝና አስተማማኝነቱም ሻል እንደሚል ያስተምራሉ። የሰው ሀብት ኃላፊውም «ሰባት ይሁን» ያሉት ይህንኑ ይዘው ነው። ምክሩ የሚሠራው ግን መልስ ሰጪው ሰባቱን ስያሜ ለይቶ ሲያያቸው ነው። በአማርኛ ይህ ከባድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አስቀድሜ ባለመፈተሼ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰባቱ፣ ከ7 ጀምሮ ወደ 1 ሲወርዱ፣ እነዚህ ነበሩ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ በከፊል እስማማለሁ፣ ገለልተኛ፣ በከፊል አልስማማም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። «በከፊል እስማማለሁ» ያለ ሰው ቀሪውን ክፍል አልተስማማም ማለት ነው፤ «በከፊል አልስማማም» ያለውም እንዲሁ። ሁለቱ ቃላት አንድ ሐሳብ ሆነው ሳለ ቁጥራቸው 5 እና 3 ነው። «በከፊል»ን «በመጠኑ» ብንለው ይሻላል፣ ግን አንዳንዱ ሰው «በመጠኑ እስማማለሁ»ን ከመሐለኛው አማራጭ አይለየውም።

ከዚህ የባሰው «በጣም አልስማማም» ነው። «ሽሮ በጣም አልወድም» የሚል ሰው ሽሮ እጠላለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ያን ያህል አልወድም ማለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ የመጨረሻውን ተቃውሞ ሊገልጽ፣ ሌላው ለዘብ ያለውን ሊገልጽ ያንኑ ሳጥን ይመርጣል። ይህ ችግር ባለ አምስቱንም ይነካል፤ መፍትሔው «ፈጽሞ አልስማማም» ማለት ነው።

መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ፈተና ግማሽ ቀን አይፈጅም። ስያሜዎቹን በየካርዱ ጻፉ፣ ቁጥር አታድርጉ፣ በውዙና ለ10 ሰው አንድ በአንድ ስጡ። ከእነሱ መካከል ጥበቃ፣ ሾፌርና ጽዳት ይኑሩበት፤ የቢሮ ሰው ብቻ ከሆነ ፈተናው ያታልላል። «በጣም ከሚስማማው ጀምረህ ደርድርልኝ» በሉ። ከ10 ሰው 3ቱ ሁለት ካርዶችን ካቀያየሩ ወይም «እነዚህማ አንድ ናቸው» ካሉ፣ እኔ አንዱን እጥላለሁ። በዚህ መንገድ የምጠቀምባቸው አምስቱ፦ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ፣ አልስማማም፣ ፈጽሞ አልስማማም። «አይመለከተኝም» ለብቻው ከዳር ይቀመጥ፤ ካልተቀመጠ ጉዳዩ የማይነካው ሁሉ መሐለኛውን ይሞላና አማካዩን ያዛባል።

«ስያሜውን ትተህ ዳርና ዳሩን ብቻ ጽፈህ ከ1 እስከ 7 ቁጥር አድርግ» የሚል ምክርም ይሰጣል። አልቀበለውም። እኛ ዘንድ 1 ቁጥር አንደኛ መውጣት ነው፤ አድናቆቱን ለመግለጽ 1 የሚያከብብ ሰው ይኖራል። ምልክቱ ቁጥሮቹ ሁሉ 1 እና 2 ሆነው የጽሑፍ አስተያየቱ ምስጋና ሲሆን ነው።

ማንበብ ለማይችሉ ሠራተኞች መጠይቁ በቃል ሲነበብ ሰባት አማራጭ ጭራሽ አይያዝም፤ ሰሚው መጨረሻ የሰማውን ይመልሳል። በሁለት እርምጃ ጠይቁ፦ መጀመሪያ «ይስማማሉ፣ አይስማሙም ወይስ ለመወሰን ይቸገራሉ?»፣ ከተስማማ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ እንዲሁ?»፣ ካልተስማማም «ፈጽሞ ነው ወይስ እንዲሁ?»። ውጤቱ በራሱ አምስት ደረጃ ይሆናል።

ሰባት የሚያዋጣበት ቦታ አለ፦ ሁሉም አንብቦ የሚሞላ ሲሆን፣ ስያሜዎቹ የካርዱን ፈተና ሲያልፉ፣ በአምስቱ ሲጠየቅ መልሱ ሁሉ «እስማማለሁ» ላይ ተከምሮ ክፍል ከክፍል አልለይ ሲል። ያኔ ግን በባለ አምስቱ ከተሞላው የአምናው ውጤት ጋር ስታነጻጽሩ ተጠንቀቁ። 120 ሰው ሞልቶ 5ን 30፣ 6ን 28፣ 7ን 14 ሰው መረጠ እንበል። የተስማሙት 72፣ ማለትም 60 በመቶ ናቸው። በባለ አምስቱ ልማድ የላይኞቹን ሁለት ብቻ የደመረ ግን 42 ሰው፣ 35 በመቶ ያገኝና እርካታ ወደቀ ብሎ ለአለቆች ያቀርባል። አማካይ ለማነጻጸር የአምናውን በ1.5 አባዝታችሁ 0.5 ቀንሱ፤ 4 የነበረው 5.5 ይሆናል። ይህ ቁጥሩን እንጂ ሰው ስያሜውን የተረዳበትን መንገድ አያስተካክልም፤ ስለዚህ ደረጃው በተቀየረበት ዓመት የታየን ትንሽ ለውጥ እንደ ለውጥ አልጽፈውም።