ዜሮውን ወደ ውስጥ መገልበጡ ቀላል ነው፣ ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው

ነገሩ የመጣው ለአንድ ስፒከር ማስተካከያ ፊልተር ስሠራ ነው። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። የስፒከሩን ኢምፐልስ ሪስፖንስ በማይክ ትለካለህ። ተገላቢጦሹን ታሰላለህ። ከዚያ ሙዚቃውን ወደ ስፒከሩ ከመላክህ በፊት በተገላቢጦሹ ታሳልፈዋለህ። ስፒከሩ የሚያጣምመውን አስቀድመህ አቃናህለት ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «ተገላቢጦሹን ታሰላለህ» የሚለው ላይ ነው። የ `H(z)` ዜሮዎች በሙሉ በ `1/H(z)` ውስጥ ፖል ይሆናሉ። ከአሃዱ ክብ ውጪ አንድ ዜሮ እንኳ ካለ፣ ተገላቢጦሹ ከክቡ ውጪ ፖል ይኖረዋል፣ ይፈነዳልም። ለምሳሌ ዜሮው 2 ላይ ቢሆን ውጤቱ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይሄዳል። 20 ሳምፕል ሳይርቅ ሚሊዮን ያልፋል። በ48,000 ሳምፕል በሰከንድ ለሚሠራ ሲስተም ይህ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አይደለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። `H(z)`ን ለሁለት ትከፍለዋለህ። አንደኛው ሚኒመም-ፌዝ ነው፤ ዜሮዎቹም ፖሎቹም ሁሉ ከክቡ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ ያለ ስጋት ይገለበጣል። ሁለተኛው ኦል-ፓስ ነው፤ የየትኛውንም ፍሪኩዌንሲ መጠን አይነካም፣ ፌዙን ብቻ ያዘገያል። የመጀመሪያውን ትገለብጣለህ፣ ሁለተኛውን ትተወዋለህ።

በእጅ ሲሠራ ይህን ይመስላል። ይህችን ትንሽ ምሳሌ ያዝልኝ፣ እስከ መጨረሻው አብራን ትሄዳለች።

```
H(z) = 1 - 1.5 z^-1 - z^-2
     = (1 - 2 z^-1)(1 + 0.5 z^-1)
```

ዜሮዎቹ 2 እና -0.5 ናቸው። -0.5 ከክቡ ውስጥ ስለሆነ አይነካም። 2 ግን ውጪ ነው፣ ወደ 0.5 መግባት አለበት። ዜሮው ኮምፕሌክስ ቁጥር ከሆነ የሚገባው ወደ ኮንጁጌቱ ተገላቢጦሽ ነው። አንግሉ እንዳለ ይቆያል፣ ርቀቱ ብቻ ይገለበጣል። ፖል ያለው ሲስተም ከሆነ ደግሞ፣ ስቴብል እስከሆነ ድረስ፣ ፖሎቹ እንዳሉ ወደ ሚኒመም-ፌዙ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ የተማርኩበት ኖት «ዜሮውን ወደ ውስጥ ገልብጥ» ብሎ ያልፋል። እንደዚያ ብቻ ካደረግክ የምታገኘው `1 - 0.25 z^-2` ነው። ስህተት ነው። `(1 - 2 z^-1)` እና `(1 - 0.5 z^-1)` በክቡ ላይ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ መጠናቸው ግን በ2 እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ያ 2 በሚኒመም-ፌዙ ላይ መባዛት አለበት።

```
Hmin(z) = 2 - 0.5 z^-2
Hap(z)  = (0.5 - z^-1) / (1 - 0.5 z^-1)
```

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ኮምፒውተርም አያስፈልገውም። የኮፊሸንቶቹን ስኩዌር ደምር። በመጀመሪያው 1 + 2.25 + 1 = 4.25 ነው። በሚኒመም-ፌዙ 4 + 0.25 = 4.25 ነው። እኩል ናቸው፣ ኦል-ፓስ ኢነርጂ አይጨምርም፣ አይቀንስማ። 2ን የረሳው ሰው ድምሩ 1.0625 ይመጣበታል፣ ሩብ። በዴሲቤል 6 ያህል ጎደለ ማለት ነው። አንድ ሌላ ነገርም ልብ በል። በመጀመሪያው ሪስፖንስ ከ4.25 ውስጥ የመጀመሪያው ሳምፕል ድርሻ 1 ብቻ ነበር። በሚኒመም-ፌዙ 4 ሆኗል። ሚኒመም-ፌዝ ማለት ተመሳሳይ የመጠን ቅርጽ ካላቸው ሁሉ ኢነርጂውን ቶሎ የሚያወጣው ነው። ትርጉሙ በቁጥር ፊት ለፊት ሲታይ ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ።

የተለካ ስፒከር ሦስት ኮፊሸንት የለውም። የእኔው 512 ነበረው። 511 ዜሮ ፈልጎ፣ አንድ በአንድ ገልብጦ፣ መልሶ ማባዛት በወረቀት ላይ ያምራል። በኮምፒውተር ግን ዜሮዎቹ አብዛኞቹ ክቡን ተጠግተው ስለሚደረደሩ መልሶ ማባዛቱ ቁጥሮቹን ያበላሻል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የተዘጋጀ ነገር ፈለግኩ። በ `scipy.signal` ውስጥ `minimum_phase` የሚባል ፋንክሽን አለ። ስሙ የምፈልገውን ይላል። ሰጠሁት፣ መለሰልኝ።

ሲሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሰጠሁት ፊልተር ሲሜትሪክ አይመስልም፣ ቅየራው ላይሳካ ይችላል የሚል። የተለካ ስፒከር ሲሜትሪክ እንደማይሆን የታወቀ ነው፣ የሚሠራበት ዘዴም ለመጠኑ እንጂ ለሲሜትሪው ደንታ የለውም ብዬ አለፍኩት። ውጤቱ አልፈነዳም። ዜሮዎቹ ሁሉ ከክቡ ውስጥ ናቸው። ገለበጥኩት፣ ስፒከሩ ላይ ጫንኩት፣ ድምፁም ተሻሻለ።

ክፋቱ መሻሻሉ ነው። ቢበላሽ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ስፒከሩ 3,000 ሄርዝ አካባቢ 12 ዴሲቤል የሚሆን ጉድጓድ ነበረው። ከማስተካከያው በኋላ መልሼ ስለካው ጉድጓዱ አለ፣ ግን 6 ዴሲቤል ሆኗል። እብጠቶቹም እንዲሁ፣ ግማሽ ግማሽ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማይኩን ነው። ከዚያ ክፍሉን። ስፒከሩን አንቀሳቀስኩ፣ መጋረጃ ዘጋሁ፣ ገመድ ቀየርኩ። ሁሉም ነገር በትክክል በግማሽ መስተካከሉ ክፍል ሊያደርገው የማይችለው ነገር እንደሆነ ለማየት ብዙ ቆየሁ።

ዴሲቤል በግማሽ ቀነሰ ማለት መጠኑ ስኩዌር ሩት ሆነ ማለት ነው። ፋንክሽኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሳትነግረው የሚመልስልህ፣ የሰጠኸውን መጠን ሳይሆን የስኩዌር ሩቱን ሚኒመም-ፌዝ ነው። ርዝመቱም ግማሽ ነው። ማኑዋሉ ይህን ጽፎታል፣ አልካድኩም። ግን ማስጠንቀቂያ የሚጮኸው ስለ ሲሜትሪ ነው፤ ጉዳዩን ስለሚገለብጠው ነገር ዝም። በትንሿ ምሳሌያችን ብትሞክረው `[1, -1.5, -1]` ሰጥተህ ሁለት ቁጥር ብቻ ይመለስልሃል፦ 1.414 እና 0። 1.414 የ2 ስኩዌር ሩት ነው። ከ512 ኮፊሸንት 256 ሲመለስ ነው መንቃት የነበረበት ሰው።

ለምን እንዲህ ተሠራ ብትል ምክንያት አለው። የተሠራው መጀመሪያ ሲሜትሪክ ፊልተር ዲዛይን አድርጎ፣ ከዚያ በግማሽ ርዝመት ሚኒመም-ፌዝ ለሚያወጣ ሰው ነው። ያ ሰው የሚፈልገውን መጠን ስኩዌር አድርጎ ይሰጠዋል። እኔ ያ ሰው አይደለሁም። የተለካ ነገር የያዘ ሰው በሙሉ ያ ሰው አይደለም።

ከSciPy 1.14 ጀምሮ `half=False` የሚል አማራጭ ተጨምሯል፣ ስኩዌር ሩቱን ያስቀርልሃል። እኔ ግን ይህን አልመክርም። የቆየ ስሪት ያለው ኮምፒውተር ላይ ኮዱ ይቆማል፣ የሲሜትሪ ጩኸቱም አይቀርም። የምጠቀመው ይህንን ነው።

```python
import numpy as np
from scipy.signal import minimum_phase

h = np.array([1, -1.5, -1])
r = np.convolve(h, h[::-1])   # [-1, 0, 4.25, 0, -1]
hmin = minimum_phase(r)       # [2, 0, -0.5]
```

ሪስፖንሱን ከራሱ ግልባጭ ጋር ኮንቮልቭ ስታደርገው መጠኑ ስኩዌር ይሆናል። ፋንክሽኑ ስኩዌር ሩቱን ሲወስድ የመጀመሪያው መጠን ይመለሳል። `r` ሲሜትሪክ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ዝም ይላል፣ ርዝመቱም ከ `h` ጋር እኩል ይወጣል። ዜሮዎቹ ክቡን በጣም የተጠጉ ከሆነ `n_fft`ን ከፍ አድርግለት። ከፍ አድርገኸው ውጤቱ ከተለወጠ መጀመሪያ አልበቃም ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ወዲያው የሚያጋልጠው ሰው ሁሉ የሚጥለው ግማሽ ነው። ማስተካከያ የሚሠራ ሰው ሚኒመም-ፌዙን ይዞ ይሮጣል፣ ኦል-ፓሱን ዞር ብሎም አያየውም። አስላው። የ `h`ን FFT በእኩል ርዝመት ለተሰላው የ `hmin` FFT አካፍል፣ መጠኑን ሣል። በሁሉም ፍሪኩዌንሲ 1 የሆነ ቀጥ ያለ መስመር ካልወጣ ክፍፍሉ ተበላሽቷል። 2ን ብትረሳ መስመሩ ቀጥ ብሎ ግን 2 ላይ ይወጣል። ስኩዌር ሩት ሲሆንብህ የስፒከሩ ጉድጓድ በግማሽ ቁመቱ እዚያው ተቀምጦ ታየዋለህ። መጋረጃ መዝጋት አያስፈልግም ነበር።

መጠኑ 1 ከሆነልህ በኋላ ፌዙን እይ። የእኔው ፌዝ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ይህ ድምፁ ከስፒከር እስከ ማይክ ሲጓዝ የወሰደው ጊዜ ነው። በ1 ሜትር ርቀት 140 ሳምፕል ያህል ይሆናል። በሪስፖንሱ መጀመሪያ ላይ ያሉት ባዶ ሳምፕሎች እንደ ዜሮ ከተቆጠሩ ኢንፊኒቲ ላይ ያሉ ዜሮዎች ናቸው፣ ከክቡ ውጪ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ኦል-ፓሱ ይሄዳሉ። ዜሮዎችን በ `np.roots` ከፈለግክ ግን መጀመሪያ ላይ ያሉትን ባዶዎች ምንም ሳይልህ ይጥላቸዋል። ዜሮ ስትቆጥር ይጎድልብሃል።

ይህን መዘግየት ካነሳህ በኋላ የሚቀረው የስፒከሩ የራሱ ኦል-ፓስ ነው። ባለ ሁለት ድራይቨር ስፒከር ከሆነ ከክሮስኦቨሩ የሚመጣ ነው። በምሳሌያችን ያለው ኦል-ፓስ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ በ3 ሳምፕል ያዘገያል፣ ከፍተኛውን በሲሶ ሳምፕል ብቻ።

ይህንንም እናስተካክል የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን ዋጋው መዘግየት ነው። የኦል-ፓሱ ተገላቢጦሽ ወደ ኋላ የሚሄድ ስለሆነ ሁሉንም ድምፅ አዘግይተህ ቦታ ትሰጠዋለህ። ዜሮው 2 ላይ ከሆነ 10 ሳምፕል ይበቃል፣ ስህተቱ ወደ አንድ ሺኛ ይወርዳል። ዜሮው 1.01 ላይ ከሆነ ግን ለዚያው ስህተት 694 ሳምፕል ያስፈልጋል፣ 14.5 ሚሊሰከንድ። ከዚህ ቀድመህ ከቆረጥክ ከከበሮው ምት በፊት የሚሰማ ማሚቶ ታተርፋለህ። ማይኩን ሌላ ወንበር ላይ ብታደርገው ደግሞ ክፍሉ የሚጨምራቸው ዜሮዎች ቦታ ይቀይራሉ፣ ለአንዱ ወንበር ያስተካከልከው ለሌላው ጥፋት ይሆናል። እኔ ሚኒመም-ፌዙን ገልብጬ፣ ኦል-ፓሱን መጠኑ 1 መሆኑን አይቼ ተውኩት። 3,000 ሄርዝ ላይ የነበረው ጉድጓድ አሁን ከ1 ዴሲቤል በታች ነው።