ያማረው መልስ

መምህሩ በእጅ የጻፉትን የሒሳብ መልመጃ በስልክ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልናል፤ እኔ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ፤ ጠዋት ተባዝቶ ይጠብቃቸዋል። ያን ቀን ወረቀቱ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ በ4ኛው ጥያቄ ላይ ያልፋል። ከ7 በፊት ያለው ምልክት አግድም ሰረዙ ይታያል፤ ቁም ሰረዝ ይኑረው አይኑረው ግን ከእጥፋቱ አይለይም።

ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ነገር ግን እኔ የሒሳብ ዲግሪ ያለኝ ጸሐፊ ነኝ፤ ስለዚህ ጥያቄውን ሠራሁት።

x² − 6x − 7 = 0

መልሱ 7 እና −1፤ እንዴት ያምራል! ምልክቱ መደመር ከሆነ ግን ተባዝተው 7 የሚሰጡት ሙሉ ቁጥሮች 1 እና 7 ብቻ ናቸው፤ የእነሱ ድምር ደግሞ 8 እንጂ 6 አይሆንም። መቀነስ ነው ብዬ ወሰንኩ። 120 ቅጂ ተባዛ።

በማግስቱ መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ይህን መቀነስ ከየት አመጣኸው?»

«መልሱ ቆንጆ ስለሆነ ነው፣ መምህር።»

«ቆንጆ እንዳይሆን ብዬ እኮ ነው የመረጥኩት! ፋክተር አልሆን ሲላቸው ስኩዌሩን ለመሙላት እንዲገደዱ።»

ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ከሥሩ ጻፉ፦ (x − 3)² = 2። መልሱ 3 ± √2 ነው። «ስኩዌሩን በመሙላት ሥሩ» የሚለው መመሪያ በፎቶው ጠርዝ ተቆርጦ ቀርቷል። የድጋሚ ማባዣው ከእኔ ደመወዝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን እንደ ፋይል እንዲልኩ እጠይቃለሁ፤ ቴሌግራም በፎቶነት ሲላክ ያሳንሰዋልና ቀጭን ሰረዝ ይደበዝዛል። ያልተነበበውን ቦታ በቢጫ ቀብቼ ክፍት እተወዋለሁ። በመጨረሻ ባልደረባዬ የተጻፈውን ምልክት በምልክት ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ፎቶውን በጣቴ እከተላለሁ፦ «ሲቀነስ፣ ስድስት ኤክስ፣ ሲደመር፣ ሰባት»። እሷ ሒሳብ አትወድም፤ መልሱን ስለማታውቀው ዓይኗ የሌለውን አይሞላም። ለዚህ ሥራ ከእኔ ትሻላለች፤ ይህን ግን ፊቷ አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ መልመጃ መጣ። ጎኖቹ 5፣ 12 እና 14 የሆኑ ባለ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ጎን። 25 ሲደመር 144፣ 169 ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ጎን 13 መሆን ነበረበት። 14ቱ ግን እንደ ፀሐይ ጥርት ብሎ ተጽፏል። አልነካሁትም። «ጥያቄ 9 ላይ 14 ይላል፤ 13 ይሆን?» ብዬ ላክሁላቸው። መልስ የለም። 120 ቅጂ ተባዛ።

«ዲግሪ አለኝ ስትል አልነበረም?» አሉ በማግስቱ። «ይህን ማየት አቃተህ?»

ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ከመልእክቴ ሥር የመነበቡ ሁለት ምልክት ይታያል። አየት አድርገው መለሱልኝ፤ የሁለቱንም ዙር ሒሳብ ያለ ክርክር ከፈሉ።