ግራ ዳር ቆማ ቀኝ ዳር የምታይ ቃኚ

የእህቴ ልጅ በፓይተን የሚሠራው የጦርነት ጌም ውስጥ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶት ሰንብቷል። ጌሙ ለሁለት ሰው ነው። ሜዳው በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ወደ ጎን 64፣ ወደ ታች 48 ካሬ አለው። እያንዳንዱ ወታደር በዙሪያው ሦስት ካሬ ድረስ ያያል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በጭጋግ ይሸፈናል። ታዲያ አብሮት የሚጫወተው ጓደኛው ግራ ዳር ላይ ቃኚ ሲያቆም፣ የጓደኛው ወታደር አንድም በሌለበት በቀኝ ዳር ጥቂት ካሬዎች ቦግ ይላሉ። የእህቴ ልጅ ሰፈር ደግሞ ያለው እዚያው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሰው ሳይልክ ያየኛል» አለኝ።

አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ ስለሆነ ከዕድል ጋር የተያያዘ መስሎታል። እኔ ግን «ዳር ላይ ብቻ» የሚለውን ስሰማ ጠረጠርኩ። ዛሬ ከሰዓት ቤት መጣና ላፕቶፑን ከፍተን ሜዳውን ባዶ አደረግነው፤ ሁሉንም ወታደር አጥፍተን አንዲት ቃኚ ብቻ ዓምድ 0፣ ረድፍ 20 ላይ አቆምን። ቁጥሩ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ዓምድ 63 ነው። ቃኚዋ በስተቀኟ ያለውን ግማሽ ክብ በትክክል ገለጠች። በሜዳው ሌላኛ ጫፍ ደግሞ የክቡ ቀሪ ግማሽ በራ። የተገለጡት 11 ካሬዎች ናቸው፣ ከዳር ወጥተው መጥፋት የነበረባቸው በቁጥር ልክ 11 ነበሩ። አንዲት ነገር ብቻ ትለያለች። የቃኚዋ ረድፍ 20 ሆኖ ሳለ፣ የማዶው ብርሃን መካከሉ ረድፍ 19 ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮዱን መክፈት ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ነበር። አንድ ረድፍ ወደ ላይ መንሸራተቱ ሁሉንም ይናገራል። ቃኚዋን ወደ ዓምድ 63 ብንወስዳት፣ ብርሃኑ ግራ ዳር ላይ አንድ ረድፍ ወደ ታች ወርዶ፣ ረድፍ 21 ላይ መታየት አለበት አልኩት። ወሰድናት፤ 21 ላይ ታየ። ልጁ እንደ ጠንቋይ አየኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እኛ በዓይናችን የምናየው ሜዳ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ግን አንድ ረጅም መስመር ነው። 3072ቱ ካሬዎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ላይ ተደርድረዋል፤ ረድፍ 19 ሲያልቅ ረድፍ 20 ወዲያው ይቀጥላል፣ በመሃላቸው ምንም ቋጠሮ የለም። የአንድ ካሬ ቦታ የሚገኘው ረድፉን በ64 አባዝቶ ዓምዱን በመደመር ነው። የቃኚዋ ካሬ 20 ጊዜ 64 ሲደመር 0፣ ማለትም 1280 ነው። ከእሷ አንድ ወደ ግራ ስንል 1279 እናገኛለን። 1279 ደግሞ የረድፍ 19 የመጨረሻ ካሬ፣ ዓምድ 63 ነው። ሦስት ወደ ግራ ብንል 1277፣ እዚያው ረድፍ ላይ ዓምድ 61። ከሜዳው ወጣሁ ያለው ዓይን ከሜዳው አልወጣም፣ የላይኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አረፈ።

ኮዱ ውስጥ ያገኘነው እንዲህ ይል ነበር፤ `cx` የወታደሩ ዓምድ፣ `cy` ረድፉ፣ `dx` እና `dy` ከእሱ ያለው ርቀት፣ `W` የሜዳው ስፋት 64፣ `seen` ደግሞ የካሬዎቹ ዝርዝር ነው፦

```
i = (cy + dy) * W + (cx + dx)
if 0 <= i < len(seen):
    seen[i] += 1
```

«ዳሩንማ አረጋግጫለሁ እኮ» አለኝ ሁለተኛውን መስመር እያሳየ። እውነቱን ነው፣ አረጋግጧል። ያረጋገጠው ግን የዝርዝሩን ዳር እንጂ የሜዳውን አይደለም። 1279 በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ጤነኛ ቁጥር ስለሆነ ያልፋል። የክሩ ጫፎች ሁለት ብቻ ናቸው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬ፤ የሜዳው ዳሮች ግን አራት ናቸው።

መስመሩ እንዴት እንደገባ ስጠይቀው ታሪኩ ከባጉ ይልቅ አስገረመኝ። መጀመሪያ ምንም ማረጋገጫ አልነበረም። ያኔ ወታደር የታችኛው ዳር ላይ ሲቆም ጌሙ ይወድቅ ነበር፣ ቁጥሩ ከ3071 ስለሚያልፍ። የላይኛው ዳር ላይ ሲቆም ደግሞ አይወድቅም፤ ፓይተን አሉታዊ ቁጥር ሲሰጠው ከዝርዝሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ከሜዳው በላይ የሄደው ዓይን እዚያው ዓምድ ላይ፣ ከታች በኩል ይወጣል። እሱ የሚያስጨንቀውን መውደቅ ለማቆም ያንን መስመር ጨመረ፣ ከላይና ከታች ያለው ሁለቱም ተስተካከለ፣ ጌሙም መውደቁን ተወ። የቀረው የግራና የቀኙ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም። እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ የምጠላው ለዚህ ነው፤ መውደቁ ቢያንስ ይጮህ ነበር። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ያለ ማረጋገጫ የሌላ ነገር ሜሞሪ ላይ እየጻፈ፣ ችግሩ ጭራሽ ጭጋግ በማይነካበት ቦታ ብቅ ይል ነበር፤ ስለዚህ ፓይተን ራርቶለታል።

ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ዓምዱንና ረድፉን ለየብቻ፣ ወደ አንድ ቁጥር ከመቀየራቸው በፊት ማረጋገጥ። እሱም ወዲያው አስተካከለ፣ ማዶ ያለው ብርሃን ጠፋ፣ ቡና ፈላ። ቡናውን ሳንጨርስ ግን ሌላ ጉድ መጣ። ግራ ዳር ላይ የቆመችውን ቃኚ በጠላት አስገደላት፤ እሷ ስትሞት ቀኝ ዳር በራ። ያውም አሁን አይጠፋም። የራሱን ወታደር ልኮ ቦታውን ቢያስረግጥ ደግሞ ወታደሩ እግሩ ሥር ጨለመበት፣ ሲመለስ እንደገና በራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ማሰብ አስፈለገኝ። እሱ ለእያንዳንዱ ካሬ «ስንት ወታደር ያየዋል» የሚል ቆጣሪ ይዟል። ወታደር ሲቆም በዙሪያው ያሉት ላይ አንድ ይደመራል፣ ሲሄድ ወይም ሲሞት አንድ ይቀነሳል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሁለት ወታደሮች አንድን ካሬ እያዩ አንዱ ቢሄድ ካሬው እንዳይጨልም ያደርጋል። ነገር ግን መደመሪያውና መቀነሻው ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖች ናቸው፣ የታረመውም መደመሪያው ብቻ ነው። ቀድሞ ሁለቱም እኩል ይሳሳቱ ስለነበር ስህተታቸው እርስ በርስ ይጠፋፋ ነበር። አሁን ቃኚዋ ስትሞት መቀነሻው ያው የድሮ 11 ካሬዎች ጋ ይሄድና፣ ያልተደመረባቸውን ይቀንሳል። ዜሮ የነበረው ሲቀነስ አሉታዊ 1 ይሆናል። ጭጋጉን የሚስለው ክፍል ደግሞ የሚጠይቀው `if seen[i]:` ብሎ ነው፣ ፓይተን ዘንድ ከዜሮ ሌላ የሆነ ቁጥር ሁሉ «አዎ» ነው። ስለዚህ አሉታዊው ካሬ ይበራል። ወታደር ሲመጣበት አንድ ይደመርና ዜሮ ይሆናል፣ ይጨልማል። ጉዱ ይሄው ነበር።

ጥያቄውን `> 0` ብሎ ቢቀይረው ብርሃኑ ይጠፋል፣ ወታደሩ ግን ጨለማ ውስጥ እንደቆመ ይቀራል። ስለዚህ እንዳይቀይረው ነገርኩት፤ ይልቅ ሁለቱም ፈንክሽኖች ካሬዎቹን ከአንድ ቦታ እንዲቀበሉ አደረግን፦

```
def cells_in_sight(cx, cy, r):
    for dy in range(-r, r + 1):
        for dx in range(-r, r + 1):
            if dx*dx + dy*dy <= r*r:
                x, y = cx + dx, cy + dy
                if 0 <= x < W and 0 <= y < H:
                    yield y * W + x
```

አሁን ዳሩ የሚታወቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የደመረውም የቀነሰውም እኩል ይቀበላል። ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ከዜሮ በታች የወረደ ቆጣሪ ካለ ጌሙ እንዲቆም የሚያደርግ መስመርም ጨመርንበት። ያ መስመር ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሁለተኛውን ችግር ቡናችንን ሳያቀዘቅዝ ይነግረን ነበር።

ማታ ብቻዬን ሳስበው፣ ተመሳሳይ የሚመስል ግን ሌላ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። ጭጋጉን እንደ ትንሽ ምስል ሠርቶ ሜዳው ላይ በሚለጥጥ ጌም ውስጥም ማዶው ዳር ይበራል። እዚያ ግን ጥፋቱ ከቁጥር ሳይሆን ከምስሉ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉ ሲያልቅ ከሌላኛው ጫፍ እንዲደግም ከታዘዘ፣ ዳሩን ለማለስለስ ሲል የማዶውን ቀለም ይቀላቅላል። ግራፊክስ ካርዱ በሚታዘዝበት በኦፕንጂኤል ካልቀየሩት በቀር ልማዱ ይሄው ድግግሞሽ፣ `GL_REPEAT` ነው። መለያው ቀላል ነው። ብርሃኑ ቀጭንና የደበዘዘ ይሆናል፣ ረድፉም አይንሸራተትም፣ ጠላት እዚያ ቢቆም ደግሞ ጌሙ ራሱ ታየ አይልም። የእህቴ ልጅ ጌም ውስጥ ግን ቃኚዋ የጠላትን ሰፈር በእውነት ታይ ነበር። ምሥራቁ ከምዕራቡ ጋር የሚገናኝበት ሜዳ ያላቸው እንደ ፍሪሲቭ ያሉ ጌሞችም አሉ፤ እዚያ ማዶ ማየት ባግ አይደለም፣ ረድፉ ግን ያው 20 ሆኖ መቆየት አለበት።

አንድ ያልቋጨነው ነገር ቀርቷል። እንደ ዋርክራፍት 2 ሁሉ እሱም ጭጋጉን በሦስት ደረጃ ነው የከፈለው፦ ጭራሽ ያልታየ፣ አንዴ ታይቶ የነበረ፣ አሁን የሚታይ። «ታይቶ የነበረ» የሚለው ምልክት አንዴ ከተጻፈ አይጠፋም፣ ከጨዋታው ጋርም ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ኮዱ ቢታረምም፣ ቀድሞ የተቀመጡት ጨዋታዎች ውስጥ ቀኝ ዳር ላይ ማንም ያልረገጣቸው የታወቁ ካሬዎች አሉ። ከምልክቱ ብቻ በእግር የታየውን ከባጉ መለየት አይቻልም። ሁሉንም መልሶ ማጨለም ወይም እንዳለ መተው ነው ምርጫው። ስልክ ደውሎ ጓደኛውን አማከረው፤ ጓደኛው እንዳለ ይተው ብሎ ድርቅ አለ። እያሸነፈ ያለው እሱ ነው።